የ2019 ፋሲካ ከፈረንጆቹ አምስት ሳምንት ለምን ራቀ?

ሐና ከኦስሎ

ሰላም ለሁላችሁ። የሚቀጥለውን ዓመት ፈቃድ ከወዲሁ ማስመዝገብ ስላለብኝ የ2019 ዓ.ም. በዓላትን እያየሁ ነበር። እዚህ ኖርዌይ ፋሲካ ማርች 28 ቀን 2027 ነው። የእኛ ግን ሜይ 2፣ ማለትም ሚያዝያ 24 ይላል። አምስት ሳምንት ሙሉ ማለት ነው። በ2018 ልዩነቱ አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ እነሱ ኤፕሪል 5፣ እኛ ኤፕሪል 12። በ2017 ደግሞ ኤፕሪል 20 ላይ አብረን ዋልን። ቀኑን ያገኘሁት ከስልክ ካላንደር ስለሆነ ተሳስቶ እንዳይሆን ሠጋሁ። በእጅ አስልቶ የሚያረጋግጥልኝ አለ? ልዩነቱስ እንዲህ አንዴ ዜሮ፣ አንዴ አንድ፣ አንዴ አምስት ሳምንት እያለ የሚዘለው ለምንድን ነው?

ሙሉጌታ ጅዳ

እህቴ ይሄማ ግልጽ ነው። እኛ ከፈረንጅ በሰባት ስምንት ዓመት እንለያለን። እነሱ 2027 ሲሉ እኛ ገና 2019 ላይ ነን። ዓመቱ ከተለያየ በዓሉ እንዴት ይገናኛል?

መምህር ዘወንበር

ሙሌ ወንድሜ፣ የዓመቱ ቁጥር ፋሲካን አያንቀሳቅስም። ግሪኮችና ሩሲያውያን ዓመቱን 2027 ብለው ይቆጥራሉ፤ ፋሲካን ግን ልክ እንደ እኛ ሜይ 2 ያከብራሉ። የዓመት ቁጥሩ ልዩነት ከልደተ ክርስቶስ ዘመን አቆጣጠር የመጣ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ለብቻው እናቆየው።

ሐና፣ ካላንደርሽ ትክክል ነው። ነገር ግን በእጅ እንየው፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

ዓመተ ዓለሙ 5500 እና 2019 ተደምሮ 7519 ነው። ይህን ለ4 ስናካፍል 1879 ደርሶ 3 ይተርፋል። ሦስት ሲተርፍ ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። የደረሰው 1879 መጠነ ራብዒት ነው፤ አይጣልም። 7519 እና 1879 ሲደመሩ 9398፣ ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ ማክሰኞ፣ ሁለት ሲተርፍ ረቡዕ እያልን ስንሄድ አራት ዓርብ ላይ ያርፋል። መስከረም 1 ቀን 2019 ዓርብ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለሽ ከማንኛውም ካላንደር ጋር አመሳክሪ። ይህ ከተሳሳተ የሚከተለው ሁሉ ይሳሳታል።

ቀጥሎ ያንኑ 7519 ለ19 እናካፍላለን። 395 ደርሶ 14 ይተርፋል። አንዱን ለዘመን ትተን ወንበሩ 13 ይሆናል። ወንበሩን በ11 ስናባዛ 143፣ በ30 ስንገድፈው 23 አበቅቴ ወጣ። ወንበሩን በ19 ስናባዛ 247፣ በ30 ስንገድፈው 7 መጥቅዕ ወጣ። 23 እና 7 ተደምረው 30 ሆኑ። አበቅቴና መጥቅዕ 30 ካልሞሉ አንዱ ማባዛት ላይ ስህተት አለ፤ ከመቀጠልሽ በፊት ተመለሺ።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል፣ ካነሰ በጥቅምት። 14 ራሱ ፈጽሞ አይወጣም፤ ስለዚህ አትቸገሪበትም። የእኛ 7 ስለሆነ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 7 ነው። መስከረም 1 ዓርብ ከሆነ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ይውላል። በዕለቱ ላይ ተመሥርቶ የሚጨመረው ቁጥር ተውሳክ ይባላል፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው። 7 እና 8 ተደምሮ 15፤ መባጃ ሐመር ይህ ነው። መጥቅዕ በጥቅምት ሲሆን ነነዌ በየካቲት ስለሚሆን ጾመ ነነዌ የካቲት 15፣ ሰኞ ይገባል። ከነነዌ እስከ ትንሣኤ 69 ቀን ነው፤ ሁለት ወር ከዘጠኝ ቀን። የካቲት 15 ላይ ሁለት ወር ስንጨምር ሚያዝያ 15፣ ዘጠኝ ቀን ስንጨምር ሚያዝያ 24።

ዐቢይ ጾም ከነነዌ በ14ኛው ቀን፣ የካቲት 29 ይገባል። ሆሣዕና ሚያዝያ 17፣ ስቅለት ሚያዝያ 22 ነው። ለፈቃድሽ የሚያስፈልግሽ ስቅለት በፈረንጅ ኤፕሪል 30 ቀን ነው።

ወንድዬ ሐይፋ

ስሌቱ ጥሩ ነው፤ ግን መምህር ዋናውን ምክንያት አልነገሩንም። ጉዳዩ የአይሁድ ፋሲካ ነው። ኒቅያ ላይ አባቶች ከአይሁድ ጋር አታክብሩ ብለዋል፤ ስለዚህ የእኛ ሁልጊዜ ከእነሱ በኋላ ነው መዋል ያለበት። እዚህ እስራኤል በ2027 ፔሳሕ የሚገባው ኤፕሪል 21 ማታ ነው። በዚያ ዓመት አዳር የሚባለው ወራቸው ሁለት ነው፤ አንድ ወር ጨምረዋል። ፈረንጆቹ ማርች 28 ሲያከብሩ ገና የአይሁድ ፋሲካ አልደረሰም። ስለዚህ እነሱ ሕጉን ጥሰው ቀደሙ፣ እኛ ጠብቀን አከበርን። አምስት ሳምንቱ የመጣው ከዚህ ነው።

መምህር ዘወንበር

ወንድዬ፣ ከአይሁድ ጋር በአንድ ቀን አይሁን የሚለው እውነት ነው። ግን ባሕረ ሐሳብ ዛሬ ረቢዎች የሚያወጡትን ካላንደር አያይም። የራሱ ፍስሕ፣ ማለትም በስሌት የተወሰነ የፋሲካ ሙሉ ጨረቃ ቀን አለው፤ እሱም በ19 ዓመት ዑደት የታሰረ ነው።

ፍስሑን ለማግኘት በዓለ መጥቅዕ ላይ 190 ቀን ጨምር። ጥቅምት 7 ላይ 190 ቀን ሲጨመር ሚያዝያ 17 ይመጣል፤ በፈረንጅ ኤፕሪል 25። አንተ ያልከው የእስራኤል ፔሳሕ የመጀመሪያ ቀን ግን ኤፕሪል 22 ነው። ሦስት ቀን ተለያዩ። ስሌታችን የእነሱን ቀን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ይገጥሙ ነበር።

ደግሞ ይህን ልብ በል፤ ሚያዝያ 17 ቀን 2019 እሑድ ነው። ፍስሑ ራሱ እሑድ ዋለ። ሥርዓቱ ትንሣኤ ከፍስሕ በኋላ ባለው እሑድ ይሁን ስለሚል ፍስሑ እሑድ ከሆነ በዚያው ቀን አይከበርም፤ አንድ ሳምንት ይገፋል። የቅዳሜ ተውሳክ 1 መሆን ሲገባው 8 የሆነው ለዚህ ነው። ተማሪዎች ከዓርብ 2 ቀጥሎ ቅዳሜ ለምን 8 ሆነ ብለው ይጠይቃሉ፤ ብዙዎቹም ልማድ ነው ተብለው ያልፋሉ። ተውሳኩን ሸምድዶ ቅዳሜን 1 ያደረገ ሰው በ2019 ትንሣኤን ሚያዝያ 17 ያወጣል፤ ትንሣኤን በሆሣዕና ቀን አወጣ ማለት ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ይስታል።

ወንድዬ ሐይፋ

የቅዳሜው ነገር ገባኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን የእኛ ፋሲካ ከፔሳሕ በፊት ውሎ አያውቅም። ይህ በአጋጣሚ ነው ሊሉኝ ነው?

ጽጌ ዲሲ

በአጋጣሚ ሳይሆን፣ ሰንጠረዣችን ከሰማይዋ ጨረቃ ወደ ኋላ ስለቀረ ነው። የሐና ጥያቄ መልስም እዚሁ ላይ ነው ያለው።

ምሥራቁም ምዕራቡም የተስማሙበት ሕግ አንድ ነው፤ በጸደይ ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ቀን ጀምሮ የመጀመሪያዋ ሙሉ ጨረቃ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እሑድ። ልዩነቱ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆንበትን ቀንና ሙሉ ጨረቃዋን በምን ትለካቸዋለህ የሚለው ላይ ነው። ሁለቱም ወገን ወደ ሰማይ አያይም፤ ሁለቱም በሰንጠረዥ ነው የሚሄደው። ግን ሰንጠረዦቹ ይለያያሉ።

የዩልዮስ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ነው። እውነተኛው የፀሐይ ዓመት ከዚህ በ11 ደቂቃ ገደማ ያጥራል። ትንሽ ትመስላለች፤ ግን በ128 ዓመት አንድ ቀን ትሞላለች። ሮም በ1582 ዐሥር ቀን ቆርጣ ጣለች፤ ከኦክቶበር 4 ማግስት ኦክቶበር 15 ሆነ። እኛ፣ ቅብጦች፣ ግሪኮች፣ ሩሲያውያን ለፋሲካ የቀድሞውን ይዘን ቀጠልን። አሁን ልዩነቱ 13 ቀን ደርሷል። ስለዚህ በድሮው ሰንጠረዥ ማርች 21 ተብሎ የታሰረው ቀንና ሌሊት የሚተካከልበት ቀን ዛሬ በፈረንጅ ኤፕሪል 3 ላይ ነው የሚውለው። በእኛ መጋቢት 25። የእኛ ፍስሕ ከመጋቢት 25 በታች፣ ከሚያዝያ 23 በላይ የማይወጣው ለዚህ ነው።

አሁን 2019ን እዩ። በ2027 ማርች 22 ላይ ሙሉ ጨረቃ አለች። ምዕራባውያኑ ማርች 21ን አልፋለች ብለው ተቀበሏት፤ ቀጣዩ እሑድ ማርች 28 ሆነ። በእኛ ሰንጠረዥ ግን ይህች ጨረቃ ከመጋቢት 25 በፊት ስለሆነች የክረምት ጨረቃ ናት፤ አትቆጠርም። የሚቀጥለውን ወር ጨረቃ ጠበቅን። አንድ ሙሉ የጨረቃ ወር ያለፈን እዚህ ላይ ነው። አራቱ ሳምንት ከዚህ መጣ።

አምስተኛው ሳምንት ከሁለተኛው ስህተት ነው የመጣው። የ19 ዓመቱ ዑደት 235 የጨረቃ ወራትን ከ19 የዩልዮስ ዓመት ጋር ያስተካክላል። ከሞላ ጎደል ይገጥማል፤ ግን በሦስት መቶ ዓመት ገደማ አንድ ቀን ያስታል። ከኒቅያ ወዲህ 1700 ዓመት ስለሆነ ሰንጠረዡ ሙሉ ጨረቃ የሚለው ቀን ከእውነተኛዋ አራት አምስት ቀን ይዘገያል። በኤፕሪል 2027 ጨረቃዋ በ20ኛውና በ21ኛው ቀን መካከል ባለው ሌሊት ትሞላለች፤ ፍስሓችን ግን ኤፕሪል 25 ነው። ያ ቀን ደግሞ መምህር እንዳሉት እሑድ ሆነና ሌላ ሳምንት ገፋን።

2018ን ብታዩት ጨረቃዋ ኤፕሪል 2፣ ሐሙስ ሞላች። ምዕራባውያኑ ኤፕሪል 5 አከበሩ። በእኛ ሰንጠረዥ ፍስሑ መጋቢት 28 ሰኞ፣ ማለትም ኤፕሪል 6 ስለሆነ እሑዱ ኤፕሪል 12 ሆነ። ጨረቃዋ አንድ ናት፤ እኛ ዘግይተን ስለመዘገብናት አንድ እሑድ አመለጠን። ጨረቃዋ በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ብትሆን ኖሮ አራት ቀን ብትዘገይም እዚያው ሳምንት ውስጥ ስለምትቀር አብረን እንውል ነበር፤ 2017 እንደዚያ ነው። ስለዚህ ሐና፣ በእኛ ዘመን ልዩነቱ ዜሮ፣ አንድ፣ አራት ወይም አምስት ሳምንት ነው። ጨረቃዋ አንድ ከሆነች ዜሮ ወይም አንድ፣ የተለያየች ከሆነች አራት ወይም አምስት። ሁለትና ሦስት የሚባል የለም።

ወንድዬ ሐይፋ

ስለዚህ አይሁዶቹ ወር በመጨመራቸው፣ እኛ ደግሞ በሰንጠረዡ ምክንያት አንዲት ጨረቃ ላይ ተገናኘን ማለት ነው። ይሁን። ግን ቀኖናው ከፔሳሕ በኋላ ይሁን ነው የሚለው የሚለውን አሁንም አልለቅም።

ሮቤል ኮድ

መምህር፣ የእርስዎን አካሄድ ተከትዬ ይህን ጻፍኩ። ለ2018 እና ለ2019 ነነዌን ልክ ያወጣል። ለ2017 ግን ጥር 3 ይለኛል። ነነዌ በ2017 የካቲት 3 እንደነበረ አውቃለሁ። ቀኑ ልክ፣ ወሩ ስህተት። የቱ ጋ ነው?

```python
def nenewe(y):
    aa = 5500 + y
    wenber = (aa - 1) % 19
    metqi = wenber * 19 % 30 or 30
    mesk1 = (aa + aa // 4) % 7      # 0=ሰኞ 1=ማክሰኞ
    gap = metqi - 1 if metqi > 14 else metqi + 29
    tewsak = [6, 5, 4, 3, 2, 8, 7][(mesk1 + gap) % 7]
    month = 5 if metqi > 14 else 6  # 5=ጥር 6=የካቲት
    return month, (metqi + tewsak) % 30
```

መምህር ዘወንበር

ኮድ አላውቅም፤ ግን የመጨረሻው መስመር ላይ ያለውን ችግር አየሁት። በ2017 ወንበር 11፣ አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 ነው። መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4። ድምሩ 33። አንተ በ30 ገድፈህ 3ን ወሰድክ፤ ልክ ነው። ነገር ግን ድምሩ ከ30 ሲያልፍ ነነዌ ከጥር ወጥቶ ወደ የካቲት ይሻገራል። ገድፈህ ወሩን አላሻገርከውም። ድምሩ ልክ 30 ሲሆን ደግሞ አይገደፍም፤ ጥር 30 ብሎ ይቆማል። የአንተ ግን ዜሮ ያወጣል።

ብዙ ደቀ መዝሙር የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው፤ መጥቅዕ በመስከረም ነው፣ ስለዚህ ነነዌ በጥር ነው ብሎ ይዘጋዋል። መመርመሪያው ኢየዐርግ ኢይወርድ ነው። ነነዌ ከጥር 17 አይወርድም፣ ከየካቲት 21 አይወጣም። ጥር 3 ገና ሲታይ ከዳር ውጭ ነው። ትንሣኤም እንዲሁ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ውስጥ ካልዋለ ሥራህን መልሰህ እይ።

ሮቤል ኮድ

ገባኝ። የመጨረሻውን መስመር በዚህ ተካሁት፦

```python
    m = metqi + tewsak
    if m > 30:
        m, month = m - 30, month + 1
    return month, m
```

አሁን 2017 የካቲት 3 ወጣ። 2020ንም ሞከርኩት፤ ጥር 29 ይላል። 69 ቀን ሲጨመር ሚያዝያ 8፣ ኤፕሪል 16 ቀን 2028። የፈረንጆቹም ኤፕሪል 16 ነው። ቀጣዩ አብሮ የመዋል ዓመት ያ ነው ማለት ነው።

እኅተ ማርያም

ሁላችሁንም ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኔ የምጠይቀው ስለማይንቀሳቀሱት ነው። ገና ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። ጥምቀት ግን አንዳንዴ ጃንዋሪ 19፣ አንዳንዴ 20 ይሆናል። ሁለቱም ቋሚ በዓላት ከሆኑ ለምን አብረው አይሄዱም? ደግሞ ጎረቤቴ ግሪካዊት ናት፤ ኦርቶዶክስ ሆና ገናን ዲሴምበር 25 ታከብራለች፣ ፋሲካን ግን ከእኛ ጋር።

ጽጌ ዲሲ

የጎረቤትሽን ላስቀድም። የቁስጥንጥንያና የግሪክ አብያተ ክርስቲያናት በ1920ዎቹ ቋሚ በዓላትን ወደ አዲሱ አቆጣጠር አዛወሩ፤ ፋሲካንና ከፋሲካ ጋር የሚንቀሳቀሱትን ግን በቀድሞው ተዉ። ሮማንያም እንዲሁ። ሩሲያ፣ ሰርቢያ፣ ጆርጂያና ኢየሩሳሌም ሁሉንም በቀድሞው ነው የሚያከብሩት፤ ስለዚህ ገናቸው እንደ እኛ ጃንዋሪ 7 ነው። የፊንላንድ ኦርቶዶክስ ደግሞ ፋሲካንም ከምዕራባውያን ጋር ያከብራል። ሰው ሁሉ ኦርቶዶክስ ወይም ካቶሊክ ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል እንጂ መስመሩ እዚያ ላይ አይደለም። በአገራችን ያሉት ካቶሊኮች ፋሲካን በእኛው ቀን ነው የሚያከብሩት።

የገናና የጥምቀት ጉዳይ ከጳጉሜን 6 የመጣ ነው። ጳጉሜን 6 ስትሆን መስከረም 1 ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይሻገራል። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ያለው የእኛ ቀን ሁሉ በፈረንጅ አንድ ቀን ዘግይቶ ይታያል። ጥር 11 ከዚህ ወቅት ውስጥ ስላለ ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ፋሲካ ከፌብሩዋሪ በኋላ ስለሆነ አይነካውም። ገናም መዘግየት ነበረበት፤ ግን ከጳጉሜን 6 በኋላ ባለው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 28 ነው የሚከበረው። አንዱ ቀን ሌላውን ስላጠፋው ጃንዋሪ 7 ላይ ይቆያል። በ2016 እንደዚያ ነበር፤ በ2020ም ይሆናል። ጥምቀት ግን ጥር 11 እንዳለ ነው፤ በ2028 ጃንዋሪ 20 ይውላል።

እኅተ ማርያም

አመሰግናለሁ። ግን ታኅሣሥ 29 የልደት ቀን ከሆነ በምን ሥልጣን ወደ 28 ይወርዳል? ጥምቀት ካልወረደ ገና ለምን?

መምህር ዘወንበር

እኅቴ፣ የልደት ቀን የሚቆጠረው ከፅንሰት ነው። ጌታ የተፀነሰው መጋቢት 29 ነው፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ጠቅላላ 275 ቀን ነው። አምስቱ ቀን የጳጉሜን ናቸው። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ 276 ይሆናል። 275 እንዲጸና ሲባል 28 ላይ ይከበራል። ጥምቀት እንዲህ የሚቆጠርለት መነሻ ስለሌለ ባለበት ይቆያል። በሌሎች ወራት በ29 የሚውለው ወርኃዊ መታሰቢያ በዚህ ምክንያት አይነካም።

ጽጌ ዲሲ

በዚሁ ልጨምር፤ ገና ለዘላለም ጃንዋሪ 7 ነው የሚሉ አሉ። 2100 በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 29 አይኖረውም፤ በእኛ ግን አራት ዓመቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ስለዚህ ከ2101 ጀምሮ ገና ጃንዋሪ 8 ይሆናል። ታኅሣሥ 29 ግን ታኅሣሥ 29 ነው።

ሮቤል ኮድ

ታዲያ ሰንጠረዡ ከጨረቃዋ አራት አምስት ቀን እንደሚዘገይ ከታወቀ ለምን አይታረምም? አንድ ፕሮግራም እውነተኛውን ሙሉ ጨረቃ በሰከንድ ያሰላዋል።

ጽጌ ዲሲ

ተሞክሯል። በ1997 እ.ኤ.አ. በሶርያ አሌፖ በተደረገ ስብሰባ ሁሉም አብያተ ክርስቲያናት የኒቅያን ሕግ ይዘው ጨረቃዋንና ቀንና ሌሊት የሚተካከልበትን ቀን በኢየሩሳሌም ሰማይ በሥነ ፈለክ እንዲያሰሉ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በተግባር አልዋለም። እኔ ግን ሐሳቡ ትክክል ነበር እላለሁ፤ ሕጉ የሚናገረው ስለ ጨረቃና ስለ ፀሐይ እንጂ ስለ ሰንጠረዥ አይደለም።

መምህር ዘወንበር

በዚህ አልስማማም፤ በአክብሮት። ባሕረ ሐሳብ ጨረቃን የመለኪያ መሣሪያ ብቻ ሆኖ አልተሠራም። ቤተ ክርስቲያናችን ከእስክንድርያው ድሜጥሮስ ጀምሮ የምትቀበለው፣ ሁሉም በአንድ ቀን እንዲጾምና እንዲፈስክ ያሰረችበት ሥርዓት ነው። የገጠሩ ካህን ያለ ምንም መሣሪያ በጣቱ ቆጥሮ የሚቀጥለውን መቶ ዓመት ያወጣዋል። የሥነ ፈለክ ስሌት ይሁን ካልን ጨረቃዋ እኩለ ሌሊት አካባቢ ስትሞላ ቅዳሜ ነች ወይስ እሑድ የሚለው ራሱ በየትኛው ከተማ ሰዓት ብሎ ይጠይቃል።

ጽጌ ዲሲ

ለዚያ ነው ኢየሩሳሌም የተባለው። ግን ዝግጁ ያልሆነውን ማስገደድ መከፋፈልን እንደሚያመጣ አምናለሁ፤ ግሪክ ውስጥ ቋሚ በዓላቱ ብቻ ሲለወጡ እንኳን አንቀበልም ብለው የወጡ ነበሩ።

ሙሉጌታ ጅዳ

እኔ እዚህ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ፋሲካ ወደ ኋላ ሲሄድ የሐዋርያት ጾም ምን ይሆናል? ባለፈው ረጅም ነበር፤ አንድ ሰው ደግሞ በ2019 አጭር ነው አለኝ።

መምህር ዘወንበር

ልክ ነግሮሃል። የሐዋርያት ጾም መግቢያው ይንቀሳቀሳል፣ መውጫው ግን ሐምሌ 5 የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል ስለሆነ ቋሚ ነው። መግቢያው ከነነዌ 119 ቀን፣ ማለትም የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ነው። በ2018 ነነዌ ጥር 25 ስለሆነ ጾሙ ግንቦት 24 ይገባል፤ እስከ ሐምሌ 4 ሲቆጠር 41 ቀን ነው። በ2019 ሰኔ 14 ስለሚገባ 21 ቀን ብቻ ነው። ትንሣኤ በመጨረሻው ዳር ሚያዝያ 30 ሲውል 15 ቀን ይሆናል፤ መጋቢት 26 ሲውል 49።

ጾመ ድኅነትን ከዚህ ጋር አትቀላቅለው። የጰራቅሊጦስ ሳምንት ረቡዕ፣ ከነነዌ በ121ኛው ቀን ይጀምራል፤ በ2019 ሰኔ 16 ነው። ረቡዕና ዓርብ የማይጾሙባቸው ኃምሳ ቀናት የሚያበቁት እዚያ ላይ ነው።

ሐና ከኦስሎ

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኤፕሪል 30 ዓርብና ሜይ 3 ሰኞን አስመዘገብኩ። ቅዳሜው ሜይ 1 እዚህም የሠራተኞች ቀን ስለሆነ ፈቃድ አይበላብኝም። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ሚያዝያ 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፣ በ2019 ግን ቀዳም ሥዑር ላይ ዋለ። ማኅበራችን በዚያ ቀን በየዓመቱ ዝክር ያወጣ ነበር። ወደ የትኛው ቀን ይዛወራል?

መምህር ዘወንበር

ይህ በየአጥቢያው ይለያያል። በሰሙነ ሕማማትና በቀዳም ሥዑር ዝክር አይወጣም፤ አንዳንዱ ከትንሣኤ በኋላ ያወጣል፣ አንዳንዱ ከሆሣዕና በፊት ያስቀድማል። የደብራችሁን አስተዳዳሪ ጠይቂ፤ ከእኔ ቃል የእሳቸው ይቀድማል።

ወንድዬ ሐይፋ

እኛ ጋ በ2013 ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ስለነበረ ይኸው ነገር ገጥሞናል፤ በዳግም ትንሣኤ ማግስት ነው ያወጣነው። ግን አስተዳዳሪያችን ፈቅደው ነው።